«ነገ አሟላለሁ» የተባለው ገንዘብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በስልክ ትዕዛዝ እየተቀበልኩ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ደንበኛው የሚከፍለው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። አምስት ሞተረኛ አድራሾች አሉኝ። ማታ ያመጡትን አንድ ላይ እቆጥረዋለሁ፤ ከሽያጩ ጋር ግን አይገጥምም። አንድ ቀን ይጎድላል፣ ሌላ ቀን ይተርፋል። የጎደለበት ልጅ «ነገ አሟላለሁ» ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ያሟላል። አሁን ግን በጠቅላላው ስንት እንደጎደለኝ ራሱ አላውቀውም። አንዱን ልጅ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሮ ይስጥልን። ስለ ልጁ ከማውራታችን በፊት ስለ አንዲት ቃል እናውራ፤ «ነገ» ስለምትለው።

ዛሬ የጎደለ ገንዘብ ነገ ከየት ይመጣል? ከሁለት ቦታ ብቻ ነው። ወይ ከልጁ ኪስ፣ ወይ ልጁ ነገ ከሚሰበስበው የእርስዎ ገንዘብ። ሁለተኛው ከሆነ ጉድለቱ አልተሞላም፤ አንድ ቀን ተሻገረ እንጂ። ሰኞ 1,000 ጎደለ እንበል። ማክሰኞ ልጁ ከሰበሰበው ላይ 1,000 አንስቶ «ይኸው የትላንቱ» ብሎ ይሰጥዎታል። እርስዎም የሰኞን ሰረዝ ያጠፋሉ። አሁን የጎደለው የማክሰኞ ነው። ያንን ደግሞ ረቡዕ ይሸፍነዋል። በዚህ መሃል አንድ ቀን ሌላ 400 ቢጠፋ 1,400 ሆኖ ይንከባለላል። በየማታው የሚያዩት ግን የሚከፍል፣ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ለጥቂት ዓመታት ማታ ማታ ከአድራሾች ገንዘብ የምረከብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሁሉም በላይ የማምነው ልጅ ለአራት ቀን ታሞ ቀረ። በቀረ በሁለተኛው ቀን ደንበኞች «ዕቃውን ተቀብዬ ከፍያለሁ እኮ፣ ለምን ትደውሉልኛላችሁ?» ማለት ጀመሩ። መዝገባችን ላይ ዕቃዎቹ ገና «ለነገ የተላለፉ» ነበሩ። ልጁ ሲመጣ እያለቀሰ ነገረኝ። መነሻው አንድ ቀን በትራፊክ ግርግር መሃል የጠፋበት አንድ እሽግ ገንዘብ ነበር። ደፍሮ አልተናገረም፤ እኛም በዚያው ማታ እንድናውቀው የሚያደርግ አሠራር አልነበረንም። ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ እንደተካፈልን ዛሬም አምናለሁ።

ስለዚህ የምመክርዎት ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። የእያንዳንዱ አድራሽ የእያንዳንዱ ቀን ሂሳብ ለብቻው፣ ዕቃ በዕቃ፣ በዚያው ማታ ይዘጋ። ቀን ከቀን፣ ሰው ከሰው አይደባለቅ። አሁን የሁሉንም ገንዘብ አንድ ላይ ሲቆጥሩ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍነዋል። አንዱ 500 አስበልጦ ሌላው 500 ቢያጎድል ድምሩ ልክ ይመጣል፤ ስህተቱ ግን ሁለት ነው።

ሂሳቡ ማታ የሚዘጋ ቢሆንም የሚጀምረው ጠዋት ነው። አድራሹ ከመውጣቱ በፊት የያዘው ዕቃ ሁሉ በአንድ የመውጫ ዝርዝር ላይ ይስፈር። ለእያንዳንዱ ዕቃ የትዕዛዝ ቁጥሩና ከደንበኛው የሚሰበሰበው ሙሉ ገንዘብ ይጻፍ። «ሙሉ» ስል የማድረሻ ክፍያውንም ጨምሮ፣ ደንበኛው በሩ ላይ የሚያወጣው የመጨረሻ ቁጥር ማለቴ ነው። አስቀድሞ የተከፈለበት ዕቃም ዝርዝሩ ላይ ይግባ፤ የሚሰበሰበው 0 ተብሎ። ለመልስ እንዲሆነው የሚሰጡት ዝርዝር ገንዘብ ካለ እሱም በራሱ መስመር ይጻፍ። ከዚያ አድራሹ ራሱ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ይፈርም። የቸኮለ ልጅ «አምንሃለሁ፣ ስጠኝ» ብሎ ሳይቆጥር መውጣት ይፈልጋል። አይፍቀዱለት። ማታ «ይሄ ዕቃ መጀመሪያም አልተሰጠኝም» የሚለው ክርክር የሚወለደው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው።

ማታ ሲመለስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ነው። ልጁ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ያደርጋል፣ ሰው ሁሉ ወደ ገንዘቡ ይሮጣል። ገንዘቡ መጨረሻ ይቆጠር። መጀመሪያ የሚቆጠሩት ሳይደርሱ የተመለሱት ዕቃዎች ናቸው። ጥቅሉን በእጅዎ ይያዙት፣ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩት፣ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡት። «ቤት ረስቼው መጣሁ»፣ «ደንበኛው ነገ ጠዋት ስለሚፈልገው ሞተሩ ላይ ነው» ለሚሉ ዕቃዎች አንድ መልስ ብቻ ይኑርዎት። እዚህ የሌለ ዕቃ እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ ገንዘቡም ዛሬ ይጠየቃል። ይህ ደንብ ጠንከር ያለ ይመስላል። ነገር ግን የተላለፈ ዕቃ ሁሉ ማታ መደርደሪያ ላይ መገኘት ካለበት፣ ከላይ የነገርኩዎት መንከባለል መደበቂያ ያጣል። ልጁ የሸጠውን ዕቃ መልሶ ማምጣት አይችልምና።

ቀጥሎ በስልክ ወይም በባንክ የከፈሉ ደንበኞች ይታያሉ። እዚህ ላይ ከልጁ ስልክ ላይ ፎቶ አይቶ ማለፍ የለም። የማስተላለፊያ ማረጋገጫ ተብሎ የሚታይ ምስል የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛው ራሱ ልጁን ያታለለበት ሊሆንም ይችላል። የእርስዎን ሂሳብ ይክፈቱና ገንዘቡ መግባቱን እዚያ ያረጋግጡ። መጠኑ፣ ቀኑና የግብይት ቁጥሩ ይታይ። የግብይት ቁጥሩን ዝርዝሩ ላይ ከዕቃው ጎን ይጻፉት። አንዱ ገቢ ለሁለት ዕቃ መሸፈኛ እንዳይሆን የሚያደርገው ይኸው ቁጥር ነው። ገንዘቡ ወደ አድራሹ የግል ሂሳብ እንዲገባ ግን ፈጽሞ አይፈቀድ፤ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ደንበኛም ቢሆን። ከፈቀዱ ያ ገንዘብ እርስዎ ራስዎ ሊያዩት ከሚችሉት ቦታ ወጣ ማለት ነው።

አሁን በጥሬ መምጣት ያለበት ይታወቃል። የወጣው ዕቃ ጠቅላላ ገንዘብ ይያዝ። የተመለሰው ይቀነስ። ወደ ሂሳብዎ የገባው ይቀነስ። ለመልስ የተሰጠው ይደመር። ያ ነው። ሆኖም ይህን ቁጥር ለልጁም ሆነ ገንዘቡን ለሚቆጥረው ሰው አስቀድመው አይንገሩ። ቆጣሪው መጀመሪያ ገንዘቡን በየኖቱ ለይቶ ይቁጠር፣ ያገኘውን ይጻፍ፣ ከዚያ ከሚጠበቀው ጋር ይተያይ። የሚጠበቀውን አስቀድሞ የሰማ ቆጣሪ ሳያስበው እስኪገጥም ድረስ ይቆጥራል፤ አንድ ጊዜ ሲገጥምለት ያቆማል። ቆጠራው ልጁ ፊት ይሁን። ገንዘቡ ከዓይኑ ከተሰወረ በኋላ የተገኘ ጉድለት የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

መዝገቡን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ሠንጠረዥ የሚይዙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር ይስጡት። የመጀመሪያው ዓምድ ዕቃው የወጣበት ቀን፣ ሁለተኛው የአድራሹ መለያ፣ ሦስተኛው የትዕዛዝ ቁጥር፣ አራተኛው የሚሰበሰበው ገንዘብ፣ አምስተኛው ውጤቱ፣ ስድስተኛው የአከፋፈሉ ዓይነት ይሁን። ቀኑን H1 ላይ፣ የአድራሹን መለያ H2 ላይ ከጻፉ ይህች ቀመር ከዚያ ልጅ በዚያ ቀን የሚጠበቀውን የሽያጭ ጥሬ ገንዘብ ትሰጥዎታለች፤ የመልሱን ገንዘብ ከዚያ በላይ ይደምራሉ፦

```
=SUMIFS(D:D,A:A,H1,B:B,H2,E:E,"ደርሷል",F:F,"ጥሬ")
```

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቀመሩ የሚያውቀው በትክክል «ደርሷል» ተብሎ የተጻፈውን ብቻ ነው። አንዱ «ደርሷል» ሌላው «ደረሰ» ብሎ ከጻፈ ሁለተኛው ከድምሩ ይወጣል፤ ምንም ማስጠንቀቂያም አይሰጥዎትም። ቃላቱን ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚመረጡ ያድርጓቸው። ውጤቱ ባዶ የሆነ መስመርም ማታ ላይ አንድም አይቅር። ዕቃው ወይ ደርሷል፣ ወይ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ነው። ሦስተኛ ቦታ የለውም።

አንድ ማታ አብረን እንዝጋ። አንድ አድራሽ ጠዋት 12 ዕቃ ይዞ ወጣ። የሁሉም ድምር 13,725 ነው። ለመልስ 300 ተሰጥቶታል። ማታ ሁለት ዕቃ መልሷል። አንደኛውን ደንበኛው አልፈልግም ብሎታል፣ 2,100 ነው። ሌላኛውን ሰውየውን አጥቶ ነው፣ 900። ሁለቱም ጥቅሎች እጃችን ላይ አሉ፣ ስለዚህ 3,000 ይቀነሳል። የደረሱት 10 ዕቃዎች ናቸው፣ 10,725። ከእነዚህ ሁለቱ በባንክ ተከፍለዋል ብሏል፣ 1,450 እና 1,800። ሂሳባችንን ከፍተን አየን፣ ሁለቱም ገብተዋል። 3,250 ስንቀንስ ጥሬው 7,475 ይሆናል። የመልሱን 300 ስንጨምር 7,775 መምጣት አለበት። የተቆጠረው 6,965 ነው። 810 ጎደለ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ ልጁ ፊት ይመለከታል። እኔ ወደ ቁጥሩ ልመልስዎት። ጉድለት ብዙውን ጊዜ መነሻውን የሚናገር ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ከደረሱት ዕቃዎች የአንዱ ዋጋ ልክ ያንን ያህል ነው ወይ የሚለው ነው። ከሆነ ምናልባት በባንክ የተከፈለ ዕቃ «ጥሬ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ወይም የተመለሰ ዕቃ «ደርሷል» ተብሏል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ልዩነቱ ለ9 እኩል ይካፈላል ወይ የሚለው ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ፣ ለምሳሌ 560 ተብሎ መጻፍ የነበረበት 650 ሲባል፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የሚካፈል ሁሉ ግን የአኃዝ መቀያየር ነው ማለት አይደለም። ሦስተኛው፣ ልዩነቱ የማድረሻ ክፍያዎ ብዜት ነው ወይ? ከሆነ ክፍያው በዋጋው ውስጥ ይሁን ከዋጋው ውጭ፣ ልጁና መዝገቡ አልተግባቡም። ከዚህ ሁሉ ውጭ የሆነች ትንሽ ቁጥር ብዙ ጊዜ የመልስ ስህተት ናት።

ወደ 810 እንመለስ። 810 የሚያወጣ ዕቃ በዝርዝሩ ላይ የለም። ለ9 ይካፈላል፤ 90 ጊዜ 9 ነው። ግን አንድ ዕቃ ብቻውን በአኃዝ መቀያየር 810 ልዩነት እንዲያመጣ አሥርና መቶ ቤት ላይ ያሉት አኃዞች 0 እና 9 ሆነው መለዋወጥ አለባቸው። የደረሱትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አየናቸው፣ እንዲህ ያለ የለም። ስለዚህ ልዩነቱ ከአንድ በላይ ነገር ተደምሮበት ይሆናል ብለን ወደ ባንክ ሂሳባችን ተመለስን። ልጁ ያልነገረን የ720 ገቢ ተቀምጧል። ከደረሱት አንዱ 720 ነው፣ «ጥሬ» ተብሎ ተመዝግቧል። ልጁን ስንጠይቀው አስታወሰ። ደንበኛዋ ገንዘቡን ልትሰጠው አውጥታ ሳለ ዝርዝር አጥታ በስልክ ወደ ሂሳባችን ልካ ነበር። እሱም ምልክቱን ሳይቀይር ወደሚቀጥለው ሄደ።

90 ቀረ። 90 ደግሞ በአንድ የሚበላለጡ ሁለት አኃዞች አሥርና መቶ ቤት ላይ ሲቀያየሩ የሚመጣ ቁጥር ነው። እንደ 340 እና 430። ዝርዝሩ ላይ 1,430 የተባለ ዕቃ አለ። የጥቅሉ ልጣፍ ግልባጭ ሲታይ 1,340 ይላል። ልጁ የተቀበለው ልጣፉ ላይ ያለውን ነው፤ ደንበኛውም የሚያውቀው ያንኑ ነው። ስህተቱ የእኛ ነበር፣ ጠዋት ዝርዝሩን የተየበው ሰው። ሁለቱን ስናርም በጥሬ መምጣት የነበረበት 6,665፣ ከመልሱ 300 ጋር 6,965 ሆነ። ቆጠራው ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። ይህን ልጅ በ810 ተጠያቂ አድርገን ቢሆን ኖሮ ሐቀኛውን ሰው በዚያች ማታ እናጣው ነበር።

እርማቱ ግን በማጥፋት አይሠራ። የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፣ ምክንያቱና የሁለት ሰው ፊርማ ይኑር። በሠንጠረዥ ከሆነ ለእርማት የተለየ ዓምድ ይያዝ። ከወር በኋላ እነዚያ እርማቶች ብቻቸውን ሲነበቡ ብዙ ይናገራሉ። ጠዋት የሚተይበው ሰው በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ አኃዝ እያቀያየረ ከሆነ ችግሩ መንገድ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ነው።

ሁሉም ተፈልጎ ያልተገኘ ጉድለትስ? ያ እውነተኛ ጉድለት ነው። በዚያው ማታ በልጁ ስም፣ በዚያ ቀን ስም ይመዝገብና ልጁ ይፈርምበት። ነገ ሲከፍል ደግሞ ክፍያው ከነገው ስብስብ ጋር አይገናኝ። መጀመሪያ የነገው ቀን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ልክ ሆኖ ከተዘጋ በኋላ ልጁ ለትላንቱ የሚከፍለውን ለብቻው ያውጣ፣ ለብቻውም ደረሰኝ ይሰጠው። ይህች ቅደም ተከተል ለእርስዎ ጉዳይ ዋናዋ ናት። ዛሬ በዕቃዎቹ ልክ ያስረከበ ሰው ትላንትን ከዛሬ ላይ ሊሸፍን አይችልም። ከደመወዝ መቁረጥን በተመለከተ ግን በዚያው ማታ በንዴት አይወስኑ። ከሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህልና በምን ሁኔታ መቁረጥ እንደሚቻል የሥራ ሕግ የሚለው አለ፤ ውልዎንም አይተው ይወስኑ።

ትርፍም እንደ ጉድለት ይፈለግ። ትርፍ ሲመጣ ሰው ደስ ይለውና ዝም ይላል። ትርፍ ማለት ግን ወይ አንድ ደንበኛ መልሱን አላገኘም፣ ወይ «ተመልሷል» የተባለ ዕቃ ተሸጧል፣ ወይ ልጁ የቀደመ ጉድለቱን በዝምታ እየመለሰ ነው። የመጨረሻው በተለይ ሊታይ ይገባዋል። ትርፉን ለነገ ጉድለት መጠባበቂያ አድርገው አይያዙት፤ በራሱ መስመር ይመዝገብ።

ወጪ ሌላው ቀዳዳ ነው። ልጁ ነዳጅ ሞልቶ፣ ጎማ አስጠግኖ፣ ለመኪና ማቆሚያ ከፍሎ፣ ከሰበሰበው ላይ ቀንሶ ይመጣል። ደረሰኙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ግን ከሽያጭ ገንዘብ ላይ ወጪ መቀነስ ከተፈቀደ፣ የሚጠበቀው ቁጥር የሚጠበቅ መሆኑ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ጉድለት በአንድ ወረቀት ይዘጋል። ለወጪ ጠዋት ከአነስተኛ ወጪ መያዣው ለብቻው ይስጡት፣ ወይም ማታ የሰበሰበውን ሙሉ ካስረከበ በኋላ በደረሰኙ ይክፈሉት። ልክ እንደዚሁ በር ላይ የሚደረግ ቅናሽም። ደንበኛው ከሦስት ዕቃ ሁለቱን ብቻ ልውሰድ ሲል ወይም ዋጋ ሲከራከር፣ ልጁ እዚያው ሆኖ ይደውል። ፈቃዱን የሰጠው ሰው አዲሱን ቁጥር በዚያው ደቂቃ ዝርዝሩ ላይ ያስገባ። ማታ ላይ የሚነገር ቅናሽ አይቀበሉ።

አንድ ሰው ይዞት ሊዞር የሚችለው ጥሬ ገንዘብም ጣሪያ ይኑረው። ከዚያ በላይ ሲሰበስብ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ያስረክብ ወይም በእርስዎ ስም ባንክ ያስገባ፤ ደረሰኙም ከማታው ሂሳብ ላይ ይቀነስለት። የጣሪያው መጠን እርስዎ አንድ ቀን ቢጠፋ ልትሸከሙት የምትችሉት ያህል ይሁን። ዘግይቶ የሚመጣ ልጅ ካለና ገንዘብ ተረካቢው ከሄደ፣ ልጁ ገንዘቡን በየኖቱ ቆጥሮ በሚታሸግ ፖስታ ያድርገው፣ ድምሩንና ፊርማውን ላዩ ላይ ይጻፍ፣ ካዝና ውስጥ ይግባ። ጠዋት የሚከፈተው ልጁ ባለበት፣ ወደ መንገድ ከመውጣቱም በፊት ነው። ቤቱ ወስዶ ያሳደረው ገንዘብ ግን የተረከቡት ገንዘብ አይደለም።

ሁሉም አድራሾች ሲዘጉ የአምስቱ ቆጠራ ድምር ወደ ባንክ የሚገባው ጥሬ ነው፤ ለነገ መልስ ያስቀሩት ካለ ብቻ ተቀንሶ። የባንኩ ደረሰኝ ከዚያ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ቀዳዳው ከአድራሾቹ በኋላ ነው፣ ከእርስዎና ከገንዘብ ተረካቢዎ መሃል። ለዚህ ሲባል የሚረከበውና ባንክ የሚያስገባው ሰው ቢለያዩ ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ከሌለዎት ደረሰኙን ራስዎ ይመልከቱ።

ስለሚጠረጥሩት ልጅ። አሁን በእጅዎ ያለው መረጃ ማንንም ለመክሰስም ሆነ ነፃ ለማውጣት አይበቃም። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ማድረግ ይችላሉ። የአምስቱንም ልጆች፣ የእሱን ብቻ ሳይሆን፣ «ለነገ ተላልፏል» የተባሉ ዕቃዎች ዝርዝር ያውጡና መደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ይፈልጓቸው። ያላገኟቸውን ዕቃዎች ደንበኞች እርስዎ ራስዎ ይደውሉላቸው። «ዕቃው ደርሶዎታል ወይ?» ብቻ ይበሉ፤ ስለ ልጁ ምንም አይጠይቁ። ደርሷል ካሉ መቼና እንዴት እንደከፈሉ ይጠይቁ። የከፈሉበት ቀን ከዝርዝሩ በስንት ቀን እንደሚቀድም ሲያዩ ጉዳዩ የአንድ ቀን መርሳት ይሁን መንከባለል ይታወቃል።

ከዚያ አሮጌውን ከአዲሱ ይለዩ። አንድ ማታ ይምረጡ፤ ዕቃ የማይበዛበት ቀን ቢሆን ይሻላል። በዚያ ማታ ማንም አድራሽ ዕቃም ገንዘብም ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ። ሁሉም ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቆጠር። መደርደሪያ ላይ የሌለ፣ ገንዘቡም ያልገባ ትዕዛዝ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይውጣ፤ የትዕዛዝ ቁጥሩ፣ የወጣበት ቀን፣ የያዘው ልጅ። የዚያ ገጽ ድምር እስከ ዛሬ የጎደለዎት ነው፤ ቢያንስ ዕቃ በዕቃ ሊያሳዩት የሚችሉት ያህል። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስቀምጠው የራሱን መስመሮች አብራችሁ እዩ። ያመነውን ይፈርም፣ የማያምነውን ምክንያቱን ይጻፍ። ገጹ ይዘጋና ለብቻው ይቀመጥ። ከገጹ ላይ የሚከፈል ገንዘብ በራሱ ደረሰኝ እንጂ በዕለቱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ልጅ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ አዲሱን የመውጫ ዝርዝር ያቅርቡለትና ቆጥሮ ይፈርም።